ፕሮፖዛሉ የት ደረሰ? ሁለት ሳምንት ዝም የተባለን ፕሮፖዛል ሳይጨቀጭቁ ስለመከታተል

አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ መሥሪያ ቤት ያስገባችሁት ፕሮፖዛል ሁለት ሳምንት መልስ ካላገኘ፣ ብዙውን ጊዜ እምቢ ያለ ሰው የለም። ወረቀቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል፤ የጠረጴዛው ባለቤትም እናንተ የጻፋችሁለት ሰው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ «ምን ወሰናችሁ?» ከማለታችሁ በፊት «ወረቀቱ አሁን ማን ጋ ነው?» ማለት ይቀድማል። የመጀመሪያውን ጥያቄ መመለስ የሚችለው ኃላፊው ብቻ ነው። ሁለተኛውን ግን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ደብተሯን ገልጣ በአንድ ደቂቃ ትመልሰዋለች፤ ተጨቀጨቅሁ የሚልም የለም።

እዚህ የምንነጋገረው ለግል ኩባንያ ወይም ለግብረ ሰናይ ድርጅት በቀጥታ ስለቀረበ ፕሮፖዛል ነው። የመንግሥት ጨረታ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ግምገማ ላይ ባለ ጨረታ ገምጋሚዎችን በግል ማነጋገር ከውድድር ሊያስወጣ ስለሚችል፣ በጨረታ ሰነዱ ላይ የተጠቀሰውን ክፍል በጽሑፍ ከመጠየቅ አትለፉ።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። አንድ አነስተኛ ድርጅት ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ላለ ኩባንያ የ24 ኮምፒውተር የኔትወርክ ዝርጋታ ፕሮፖዛል አስገብቷል እንበል። የገባው ረቡዕ ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ በወረቀት ተሰጥቷል፣ ቅጂው በኢሜይል ተልኳል፣ ዋጋው ለ30 ቀን የሚጸና ነው።

1. ቀኑን በሥራ ቀን ቁጠሩት

በካሌንደር ሲታይ ረቡዕ ጥር 6 ሁለት ሳምንት ይሞላል። በሥራ ቀን ግን ቅዳሜና እሑድ ሲወጣ 10 ቀን ነው፤ ታኅሣሥ 29 ገና ስለሆነ 9 ይቀራል። ከዚያ ላይ የበዓሉን ዋዜማና ማግስት ቀንሱ፤ ቢሮ ክፍት ቢሆንም በእነዚያ ቀናት ፕሮፖዛል አንብቦ አስተያየት የሚጽፍ ሰው ብዙ የለም። የቀረው 7 ቀን ነው። እናንተ «ሁለት ሳምንት ሙሉ!» ስትሉ፣ ተቀባዩ የሚያስታውሰው አንድ ሳምንት ከምናምን ነው። ቅሬታ ያዘለ ቃል እንዳያመልጣችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ይህን ቁጥር እወቁት።

ወደፊትም ተመልከቱ። ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት ነው፤ ጥር 12 ደግሞ የሚካኤል ታቦት ስለሚገባ ብዙ ሰው ቢሮ አይገኝም። ስለዚህ ለመጀመሪያው ማስታወሻ ጥሩው ቀን ሐሙስ ጥር 7 ጠዋት ነው። ዓርብ ቢላክ በበዓሉ ክምር ሥር ይቀበራል።

2. ወረቀቱ የት እንዳለ አግኙ

በአብዛኛው መሥሪያ ቤት የወረቀት ጉዞ ይህን ይመስላል። መዝገብ ቤት ወይም እንግዳ መቀበያው የገቢ ቁጥርና ቀን ይጽፍበታል። በማህደር ሆኖ ወደ ሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ይሄዳል። ሥራ አስኪያጁ ጠርዙ ላይ «ለአይቲ፣ አስተያየት ይቅረብበት» ብሎ ይመራዋል። አይቲ አስተያየት ጽፎ ለግዥ ያስተላልፋል፤ ግዥ ተወዳዳሪ ፕሮፎርማ ሰብስቦ ለፋይናንስ ያቀርባል። በእያንዳንዱ ማረፊያ ሁለት ሦስት ቀን ቢያድር ሁለት ሳምንት አለቀ፤ ማንም አላጠፋም።

የመጀመሪያው ስልክ ለሥራ አስኪያጁ ሳይሆን ለመዝገብ ቤት ወይም ለጸሐፊዋ ነው። ፕሮፖዛሉን ስታስገቡ «ደርሷል» ተብሎ የተፈረመበት ቅጂ በእጃችሁ ካለ ሥራው ቀላል ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት አደሩ? ታኅሣሥ 22 ቀን በገቢ ቁጥር ይህን ያህል የገባ የኔትወርክ ፕሮፖዛል ነበረን። ወደ የትኛው ክፍል እንደተመራ ቢያዩልኝ?»

በዚህ ንግግር ውስጥ ስለ ውሳኔ አንድም ቃል የለም። ጸሐፊዋ ስለ ውሳኔ ስትጠየቅ ራሷን ለመጠበቅ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ትላለች፤ ስለ ምሪት ስትጠየቅ ግን የራሷን ሥራ ነው የምትናገረው። «አይቲ ጋ ነው» ካለቻችሁ የአይቲ ኃላፊውን ስምና ማዕረግ ጠይቁና አመስግናችሁ ዝጉ። ስትጠሩት አቶ ይሁን ኢንጂነር፣ ስትጠሯት ወይዘሮ ትሁን ወይዘሪት ማወቅ የሚቻለውም እዚሁ ነው። በግምት የተጻፈ «ወይዘሪት» ያልተጻፈ ያህል ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ከዚያ ይብሳል።

ቁጥሩ ከሌላችሁ ወይም «እንዲህ ያለ ነገር አልገባም» ከተባላችሁ ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ መሥሪያ ቤቱ አድራሻ ቀይሮ ይሆን? በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሡ ቢሮዎች ብዙ ናቸው፤ በቀድሞው ሕንፃ ጥበቃ እጅ የቀረ ፖስታ አያስገርምም። ሁለተኛ፣ ኢሜይላችሁ በእርግጥ ደርሶ ይሆን? የገቢ ሳጥናችሁ ውስጥ ከ Mail Delivery Subsystem የመጣ መልእክት ካለ አልደረሰም ማለት ነው። በስልክ ካሜራ ገጽ በገጽ ተነሥቶ የተያያዘ ፕሮፖዛል በቀላሉ ከ25 ሜጋባይት ያልፋል፤ ጂሜይል ደግሞ ከዚያ በላይ የሆነ አባሪ አያስተናግድም። እንዲህ ከሆነ የሚያስፈልገው ማስታወሻ አይደለም፤ ፕሮፖዛሉን እንደ አዲስ፣ በትንሽ ፒዲኤፍ፣ ያለ ወቀሳ መላክ ነው።

እዚህ ላይ «ውስጥ ሰው አለን» የሚለው ነገር ይነሣል። የምታውቁት ሰው ካለ ወረቀቱ የት እንዳለ ቢነግራችሁ ችግር የለውም። «ግፋልን» ስትሉት ግን ፕሮፖዛላችሁን የሚመረምረው ሰው ከጀርባው የተሄደ ይመስለዋል፤ ያንን ቅሬታ ደግሞ በቃል አያነሣውም፣ በአስተያየቱ ላይ ነው የምታገኙት።

3. የመጀመሪያው ማስታወሻ

ፕሮፖዛሉ በሄደበት መንገድ ይሂድ። በኢሜይል የላካችሁ ከሆነ በዚያው በቀድሞው ኢሜይል ላይ መልስ አድርጋችሁ ጻፉ፤ ተቀባዩ የድሮውን ሳይፈልግ ከሥሩ ያገኘዋል። ነገር ግን መልስ ስትጽፉ የቀድሞው አባሪ አብሮ አይሄድም፤ ፒዲኤፉን እንደገና አያይዙት። «ፋይሉን ድጋሚ ላኩልኝ» ብሎ መጻፍ አፍሮ ዝም ያለ ኃላፊ ብዙ ነው።

ለምሳሌያችን የሚሆን ማስታወሻ ይኸውና፦

«ጤና ይስጥልኝ አቶ እገሌ፣ እንዴት ሰነበቱ?

ታኅሣሥ 22 ቀን ያቀረብነው የኔትወርክ ዝርጋታ ፕሮፖዛል ወደ አይቲ ክፍል መመራቱን ተረድተናል። በክፍሉ በኩል ጥያቄ ካለ፣ ለምሳሌ ቢሮው ሳይዘጋ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ፣ ባለሙያችን መጥቶ በ20 ደቂቃ ሊያስረዳ ይችላል። ሐሙስ ጥር 14 ከሰዓት ወይም ዓርብ ጥር 15 ጠዋት ቢሆን የትኛው ይመቻል?

ጉዳዩ ለጊዜው የሚቆይ ከሆነም ያንኑ ቢነግሩን በቂ ነው። ለፍለጋ እንዳይቸገሩ ፕሮፖዛሉን በድጋሚ አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር»

ከታች ስም፣ የሥራ ድርሻና አንድ ስልክ ቁጥር ይግባ፤ ሦስት ቁጥር አትደርድሩ።

አሁን ቃላቱን እንያቸው፤ ልዩነቱ ያለው እዚያ ነው። «መመራቱን ተረድተናል» ሲል ማን እንደነገራችሁ አይናገርም፤ ጸሐፊዋ ለምን ነገርሽ እንዳትባል። ሲቀጥል የሚጠይቀው ቀን እንዲመረጥ ነው፤ ቀን መምረጥ በስልክ ላይ በአንድ ቃል የሚመለስ ነገር ነው፣ ውሳኔ ግን ሦስት ክፍል ሳይፈርም አይመለስም። «ለጊዜው የሚቆይ ከሆነም» የሚለው ደግሞ መውጫ በር ነው። እኛ አገር ሰው ፊት ለፊት እምቢ ማለት ይከብደዋል፤ «አይሆንም» ከማለት ዝም ማለትን ይመርጣል። «ይቆያል» የምትል ለስለስ ያለች ቃል አስቀምጣችሁ ስትሰጡት ያነሣታል፤ እናንተም ከመጠበቅ ታርፋላችሁ።

ግሡን ማን እንደያዘው ተጠንቀቁ። «እስካሁን አልመለሱልንም» ሲባል ባለጥፋቱ አንባቢው ነው፤ እርስዎ ተብሎም ክስ ነው። «መልስ አልደረሰንም» ሻል ይላል፣ ግን አሁንም ቅሬታ ነው። «ፕሮፖዛሉ ከምን እንደደረሰ ቢነግሩን» ሲባል ግን ተራማጁ ወረቀቱ ነው፤ ሰውየው የሚነግር እንጂ የሚከሰስ አይደለም። «ያሳውቁን»ም በመልካም ድምፅ ሊነገር ይችላል፣ በጽሑፍ ላይ ግን ድምፅ ስለሌለ ትእዛዝ ሆኖ ይነበባል፤ «ቢያሳውቁን» ይሻላል።

ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የተለመዱ ሦስት ቃላትን ደግሞ እዚህ አታስጠጉ፦ «በአስቸኳይ»፣ «በተደጋጋሚ» እና «እንደሚታወቀው»። በተለይ «በተደጋጋሚ ብንጠይቅም» የሚለው ሐረግ የቆየ የክርክር ቋንቋ ነው፤ ያነበበው ሰው ደብዳቤው ነገ ለአለቃው እንደ ማስረጃ የሚቀርብ ይመስለዋል። ግልባጭም እንዲሁ ነው። ለአይቲ ኃላፊው እየጻፋችሁ ሥራ አስኪያጁን ግልባጭ ውስጥ ብታስገቡ፣ ቃላችሁ ምንም ያህል ለስላሳ ቢሆን ስሞታ ሆነ።

በሌላው ጫፍ ደግሞ መለማመጥ አለ። «ይቅርታ ስለማስቸግርዎት» አንድ ጊዜ ያምራል፤ ሁለት ጊዜ ሲሆን የምታስቸግሩ መሆናችሁን እናንተው እያስታወሳችሁት ነው። «በታላቅ ተስፋ እየጠበቅን ነው» የሚለውም ትሕትና ይምሰል እንጂ ሸክም ነው።

ስለ በዓል ሰላምታ አንድ ነገር፦ የተቀባዩን እምነት በእርግጥ ካላወቃችሁ «እንኳን አደረሰዎት» ትታችሁ «እንዴት ሰነበቱ» በሉ።

ቴሌግራም ላይ የምትገናኙ ከሆነ መልእክቱን ወደ ሦስት መስመር አሳጥሩት፤ ሰላምታውን፣ ጉዳዩንና ጥያቄውን በአንድ መልእክት ላኩ። «ሰላም ኖት?» ብሎ ብቻ ልኮ መልስ መጠበቅ ሰውየውን ምን ሊጠይቁኝ ይሆን እያለ እንዲሸሽ ያደርገዋል። ዋጋውን ቴሌግራም ላይ አትጻፉ፤ መልእክቱ ለሌላ ተወዳዳሪ ተላልፎ ሊሄድ ይችላል። ሁለት ምልክት ሆኖ ማየታችሁንም እርሱት፤ «አይተውታል ግን…» ብሎ የጀመረ መልእክት በመልካም አያልቅም።

4. ስልኩ

ጥር 7 የተላከው ማስታወሻ መልስ ካላገኘ፣ ስልክ የሚደወለው ረቡዕ ጥር 13 ነው። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ዓርብና በዓል ነው፤ አትቁጠሩት።

ጥሩው ሰዓት ከጠዋቱ 4 እስከ 5:30 ነው። 2:30 ላይ ሰው ገና እየገባ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ስብሰባ ይበዛል። ዓርብ ከ5:30 እስከ 7:30 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የምሳና የጁምዓ ሰዓት ነው፣ ብዙ የግል ቢሮዎችም ይከተሉታል። ከ11 ሰዓት በኋላ የደወለ ሰው ቦርሳውን ያነሣ ኃላፊ ላይ ነው የሚደርሰው። አንድ ጊዜ ደውሉ፤ ካልተነሣ ሁለተኛ አትድገሙ። አራት ሚስድ ኮል ያየ ሰው የሚያስበው ስለ ፕሮፖዛል ሳይሆን ስለ አደጋ ነው፤ ፕሮፖዛል መሆኑን ሲያውቅ ደግሞ ይናደዳል።

ከተነሣ፣ ንግግሩ ከአንድ ደቂቃ ከግማሽ አይለፍ፦

«አቶ እገሌ ጤና ይስጥልኝ፣ ከኔትወርክ ፕሮፖዛሉ ጋር በተያያዘ ነበር። አሁን ለመነጋገር ይመቻል? … ሐሙስ ልኬ የነበረውን ኢሜይል ለማስታወስ ያህል ነው። ከእኛ በኩል የጎደለ ሰነድ ወይም ግልጽ ያልሆነ ነገር ካለ ላሟላ ብዬ ነው።»

«የጎደለ ካለ» የሚለው እውነተኛ ጥያቄ ነው። የንግድ ፈቃዱ አልታደሰም፣ የቲን ሰርተፍኬት ቅጂ አልተያያዘም፣ ዋጋው ቫትን ይጨምር አይጨምር አልተጻፈም፤ ፋይሉ ግዥ ላይ የሚቆመው ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለ ነገር ነው። ማንም ግን ደውሎ አይነግራችሁም፤ ስትጠይቁ ነው የሚታወሰው።

የምትሰሙትን መልስም መተርጎም ያስፈልጋል። «አይቲ አስተያየት እየሰጠበት ነው» የሚል መልስ ቦታና ሥራ ያለው ስለሆነ እውነተኛ ነው፤ ሳምንት ስጡት። «ፕሮፎርማ እየሰበሰብን ነው» ማለት በሕይወት አለ፣ ግን ለዋጋ ንጽጽር ተወዳዳሪ ይፈልጋሉ ማለት ነው፤ አትከፉ። «ከበጀት ጋር እየታየ ነው» ሲባል ሥራውን ለሁለት ከፍላችሁ ማቅረብ ትችሉ እንደሆነ ተናገሩ፤ በምሳሌያችን መጀመሪያ 12 መስመር፣ ቀሪው በሚቀጥለው ሩብ ዓመት። «እናያለን፣ እንደውላለን» ብቻ ከተባለ ግን ቀን የለውም። «እሺ፣ እንግዲያው በሚቀጥለው ሳምንት አጋማሽ ላይ እኔ ባስታውስዎት ይሻላል?» በሉ። «እሺ» ካለ ቀጣዩ ጥሪያችሁ በፈቃድ ነው።

በአካል መሄድስ? ፕሮፖዛሉ በወረቀት ከገባ አንድ ጊዜ መሄድ ያስኬዳል፤ ግን የጎደለ ሰነድ ይዞ፣ ወይም ቀጠሮ ይዞ። ባዶ እጅ ሄዶ ከጸሐፊዋ ፊት ያለው ወንበር ላይ መቀመጥ ከሃያ ስልክ የበለጠ ግፊት ነው። ኃላፊው በገባ በወጣ ቁጥር ያያችኋል፣ መልስ የሌለው ሰው ደግሞ በሌላ በር መውጣት ይጀምራል።

5. ሁለተኛውና የመጨረሻው ማስታወሻ

ለሁለተኛ ጊዜ ለመጻፍ ምክንያት ያስፈልጋል፤ «እንደገና ላስታውስዎ» ምክንያት አይደለም። ከሁሉ ንጹሑ ምክንያት ዋጋው የሚጸናበት ቀን ነው። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ታኅሣሥ 22 የጀመረ የ30 ቀን ዋጋ ጥር 22፣ ዓርብ ያበቃል። ማስታወሻው ሰኞ ጥር 18 ይላክ፤ ተቀባዩ አራት ቀን ይኖረዋል።

ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ በሚወሰን ምንዛሪ ስለሚገበያይ፣ የኬብልና የስዊች አስመጪዎች ዋጋቸውን ለረጅም ጊዜ አያቆዩም። ተቀባዩም ይህን ስለሚያውቅ ነገሩ ሰበብ አይመስለውም። አጻጻፉ ግን ማስፈራሪያ እንዳይሆን፦

«አቶ እገሌ፣ እንዴት ሰነበቱ? በፕሮፖዛሉ ላይ ያለው ዋጋ እስከ ዓርብ ጥር 22 የሚጸና በመሆኑ አስቀድሜ ላሳውቅዎ ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ ቢወሰንም ሥራውን እንሠራለን፤ ዋጋውን ግን ከአስመጪው ጋር አረጋግጠን እንደገና እንልክልዎታለን።»

ጥያቄ የለበትም፤ መልስም አያስገድድም። የጻፋችሁት ቀን ግን እውነተኛ ይሁን። ጥር 22 አልፎ በየካቲት «በዚያው ዋጋ እንሥራ» ካላችሁ፣ የዋጋው ቀን ጌጥ እንደነበር ተቀባዩ ያውቃል፤ በሚቀጥለው ፕሮፖዛላችሁ ላይ ያለውን ቀን አይቶም አያየውም።

ከዚህ በኋላ አትጻፉ፣ አትደውሉ። አንድ የመዝገብ ቤት ስልክ፣ ሁለት ማስታወሻና አንድ ጥሪ ሄዷል፤ ያም ሁሉ አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። በፋይሉ ላይ የገቢ ቁጥሩን፣ የተመራበትን ክፍልና ያነጋገራችሁትን ሰው ስም ጽፋችሁ አስቀምጡት። ብዙ መሥሪያ ቤቶች በጀታቸውን የሚዘጉት ሰኔ 30 ስለሆነ፣ ሰኔን ለሒሳብ መዝጊያው ትታችሁ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ለዚያው ክፍል በአዲስ ቀንና በአዲስ ዋጋ አቅርቡት። የመሸኛ ደብዳቤው የታኅሣሡን ዝምታ አያንሣ፤ የድሮውን የገቢ ቁጥር ብቻ ይጥቀስ።